የፎርማን ጩኸት ቁጥር ያለው የደኅንነት ማስታወቂያ ሲሆን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹን የሰበሰብኳቸው ማስታወቂያ ልጽፍላቸው ከገባሁባቸው መጋዘኖች ነው። ጠያቂዎቹ ፎርማኖች፣ አውራጆች፣ የቢሮ ሰዎችም ናቸው። መልሱ እንዳይበታተን አንድ ሥራ ብቻ ይዤ እሄዳለሁ፦ ዕቃ የጫነ መኪና በኋላው ወደ ራምፕ፣ ማለትም ወደ መጋዘኑ ከፍ ያለ ማራገፊያ መድረክ፣ ተጠግቶ በፎርክሊፍት ሲራገፍ።

ፎርማኑ እየጮኸም ቢሆን ሥራው እየሄደ ነው። ለምን መጻፍ አስፈለገ?

ሥራው የሚሄደው ፎርማኑ ስላለ ነው። «ሂድ ከዚያ!» ብሎ ሲጮህ ጣቱ የሚያሳየው ቦታ አለ፣ ዓይኑ ያረፈበት ሰው አለ፣ የጮኸበትም ቅጽበት አለ። ቃሉ ሁለት ብቻ ቢሆንም ማን፣ ከየት፣ መቼ የሚለው ሁሉ በጣቱና በዓይኑ ተሟልቷል። ያው ቃል ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ባዶ ነው። ማን ይሂድ? ከየትኛው «ከዚያ»?

ፎርማኑ ሲታመም፣ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ወይም ሁለት መኪና በአንድ ጊዜ ሲገባ ጩኸቱ አብሮት ይሄዳል። በዚያ ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው የማስረዳት ግዴታ ይጥልበታል። አደጋ ከደረሰ በኋላ «ሁልጊዜ እየጮህኩ እነግራቸው ነበር» ማለት ማስረጃ ሆኖ ለመቅረብ ይከብደዋል።

ከየት ይጀመራል?

ከጩኸቱ። ቢሮ ቁጭ ብሎ «የራምፕ ደኅንነት መመሪያ» ብሎ የሚጀምር ሰው ማንም የማይፈጽመው ነገር ጽፎ ይነሳል። ማስታወሻ ደብተር ይዞ ራምፕ ላይ መቆም፣ ቢያንስ ሦስት መኪና እስኪራገፍ ፎርማኑ የሚለውን ቃል በቃል መጻፍ ይሻላል። ስድቡንም ቢሆን አትዝለሉት። የት ላይ እንደተሳደበ ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሳደበው ቀደም ሲል የፈራው ነገር የደረሰበት ቦታ ላይ ነው።

ከአንድ ጠዋት የጻፍኩት ይህ ነው፤ ታኮ የሚለው ጎማ ሥር የሚገባውን ማገጃ፣ ላሜራ የሚለው በራምፑና በመኪናው መካከል እንደ ድልድይ የሚዘረጋውን ብረት ነው፦

«ና! ና! ና! ቁም! ታኮ! ኧረ ታኮ አግቡ! ማነው እዚያ ኋላ የቆመው? ላሜራውን አስጠጉ፣ በደንብ! ቁልፍ! ሹፌር፣ ቁልፍ! በሉ ቶሎ ቶሎ!»

እንዲህ ያለው ጩኸት ተራ በተራ እንዴት ይፈታል?

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። ፎርማኑ የሚጮኸው ትዝ ባለው ወይም ስህተት ባየበት ቅደም ተከተል ነው። «ማነው እዚያ ኋላ የቆመው?» ከታኮው በኋላ መጣ እንጂ መኪናው ገና ወደ ኋላ መሄድ ሳይጀምር የሚፈጸም ነገር ነው። በዚያ ላይ ጥያቄ ይመስላል፤ ስም እንዲነግሩት ግን አልፈለገም። መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ በመኪናውና በራምፑ መካከል ሰው አይቁም ማለቱ ነው። እንዲህ በጥያቄ የተሸፈነ ትእዛዝ ብዙ ስለሆነ ጥያቄ የሚመስለውን ሁሉ «ምን እንዲሆን ፈልገህ ነው?» ብሎ ፎርማኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ና! ና! ና!» ሌላ ችግር ያመጣል። ስቀዳ አራት ሰው አብሮ ይጮህ ነበር፦ ፎርማኑ፣ ረዳቱ፣ ሁለት አውራጆች። አንዱ «ና» ሲል ሌላው «በቃ» ይላል። ሹፌሩ የቱን ይስማ? ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ እንዲለይም ብርቱካናማ ሰደርያ ይለብሳል።

«ታኮ!» ላይ ቆም ልበል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቁልቁለት ላይ መኪና ሲቆም ድንጋይ የሚደረገው ቁልቁለቱ ወዳለበት በኩል ነው፤ ይህን ረዳት ሁሉ ያውቃል። ራምፕ ላይ ግን መሬቱ ሜዳ ነው። መኪናው ወደ ኋላ እንዳይሄድ ራምፑ ራሱ ያግደዋል። የሚሸሸው ወደ ፊት ነው፤ ምክንያቱም ፎርክሊፍቱ ነው። 2.5 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ራሱ ከ3.5 እስከ 4 ቶን ገደማ ይመዝናል። መኪናው ውስጥ ገብቶ ፍሬን ሲይዝ ወለሉን ወደ ጋቢናው ይገፋል። ዕቃ አንስቶ ወደ ኋላ ሲወጣም ጎማው የሚገፋው ያንኑ አቅጣጫ ነው። በእያንዳንዱ ምልልስ ጥቂት ጥቂት እየሸሸ ከራምፑ ጋር የሚፈጠረው ክፍተት ይሰፋል። አንድ ጊዜ ላሜራው ከመኪናው ወለል ላይ ይንሸራተትና የፎርክሊፍቱ ጎማ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ታኮው የሚገባው ከኋላ ጎማዎች በጋቢናው በኩል ነው። «ታኮ!» የሚለው ጩኸት ውስጥ ይህ አቅጣጫ የለም። ፎርማኑ ያውቀዋል፤ ለማንም ግን ነግሮት አያውቅም ነበር።

«በደንብ» ደግሞ መለኪያ የሌለው መለኪያ ነው። ፎርማኑን ስጠይቀው በእጁ አንድ ስንዝር ያህል አሳየኝ፤ ስንለካው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። ወረቀቱ ላይ «20 ሴንቲ ሜትር» ብዬ ልጽፍ ነበር። ነገር ግን ሜትር ይዞ ራምፕ ላይ የሚዞር የለም። ስለዚህ ከላሜራው ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ለክተን ቀይ መስመር ቀባን። «በደንብ» የነበረው «ቀዩ መስመር መኪናው ውስጥ ይግባ» ሆነ። ቁጥር ከመጻፍ በፊት ቁጥሩን ወደሚታይ ነገር መለወጥ ይቻል እንደሆነ ማየት ጥሩ ነው።

«ቁልፍ!» ለምን እንደሚጮህ አዲስ ሠራተኛ አይገባውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከሌላ መኪና «ጨርሰናል!» የሚል ድምፅ ሲሰማ የራሱ መኪና የተራገፈ መስሎት የሚነሳ ሹፌር አለ፤ ፎርክሊፍቱ ግን ገና ውስጥ ነው። ቁልፉ ከሹፌሩ እጅ ወጥቶ ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ ሲሰቀል ይህ አይሆንም። ፎርማኑ ቁልፉን ኪሱ ይከት ነበር። ኪሱ ውስጥ ያለውን ግን የፎርክሊፍቱ ነጂ ማየት ስለማይችል በሩ አጠገብ ቀይ ማንጠልጠያ ተሰቀለ።

ታዲያ ማስታወቂያው በመጨረሻ ምን መሰለ?

መኪና ራምፕ ላይ ከመራገፉ በፊት

1. ሁሉም ሰው፦ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ከቢጫው መስመር ውጭ ይቁሙ።
2. ሹፌር፦ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰውን ሰው ምልክት ብቻ ይከተሉ። እሱ ከዕይታ ከጠፋ ይቁሙ።
3. ሹፌር፦ የእጅ ፍሬን ይያዙ። ሞተር ያጥፉ።
4. ረዳት፦ ሁለት ታኮ ያስገቡ። ቦታው፦ ከኋላ ጎማዎች በጋቢናው በኩል፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ።
5. ሹፌር፦ ቁልፉን ለፎርማኑ ይስጡ።
6. ፎርማን፦ ታኮዎቹን በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ ቁልፉን ቀዩ ማንጠልጠያ ላይ ይስቀሉ።
7. ሁለት አውራጆች፦ ላሜራውን ያስጠጉ። ቀዩ መስመር መኪናው ውስጥ ይግባ።
8. የፎርክሊፍት ነጂ፦ ቁልፉን ማንጠልጠያው ላይ ይዩ። ከዚያ ይግቡ።

መኪናው ሲወጣ የሚፈጸመው ሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ ከስምንቱ በታች ያለውን አንድ መስመር መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

ስምንት ቁጥር አይበዛም? ሁሉንም በአንድ ወረቀት መጻፍስ አይሻልም?

ስምንቱ የስምንት ሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ አይከብድም ነበር፤ የአንድ ሰው ቢሆን ግን ይበዛል። እዚህ ረዳቱ የሚያስታውሰው 4 ቁጥርን ብቻ፣ የፎርክሊፍቱ ነጂ 8 ቁጥርን ብቻ ነው፤ 1 ቁጥር ለሁሉም ነው። የሚከብደው የአንድ ሰው ድርሻ ከሦስት ሲያልፍ ነው። መጀመሪያ የማየው ይህንን እንጂ የወረቀቱን ርዝመት አይደለም።

የመግባቱንና የመውጣቱን ሥራ አንድ ላይ ከጻፋችሁ ደግሞ «12 ቁጥር ላይ ታኮ አንሳ» የሚል መስመር «4 ቁጥር ላይ ታኮ አስገባ» ከሚለው ጋር በአንድ ወረቀት ይኖራል። በችኮላ ያነበበ ሰው የቱን እንደሚያነሳ እግዜር ይወቅ።

«አጥፋ» ይባል፣ «አጥፉ» ወይስ «ያጥፉ»?

በዚህ ላይ የተለያየ አስተያየት ሰምቻለሁ። «አጥፋ» አጭር ነው፣ ጩኸቱንም ይመስላል። ሴት የፎርክሊፍት ነጂ ባለችበት ግን እሷን አይጠራም፤ አባቱ የሚሆን ሹፌርም አንተ ሲባል ግድግዳ የሰደበው ይመስለዋል። «አጥፉ» ብዙ ሰው የሚጠራ ስለሚመስል ሁሉም ሌላው እንደሚያጠፋው ያስባል። «ይጥፋ» ከሁሉም የባሰው ነው፤ ማን እንደሚያጠፋው የለበትም። በየቢሮው በር ላይ «ይዘጋ» የሚል ተለጥፎ በሩ ክፍት የሚያድረው ለዚህ ይመስለኛል።

የሥራ ድርሻውን አስቀድሞ መጥራት፣ ከዚያ በአንቱታ መጻፍ ይሻላል፦ «ሹፌር፦ ሞተር ያጥፉ።» ወንዱንም ሴቷንም ይይዛል፣ የሚያከብርም ነው፣ የተጠራው ግን አንድ ሰው ነው።

«ካልተሰቀለ አትግባ»፣ «ሳይቆም አትውጣ» ብሎ መጻፍ ምን ችግር አለው?

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የሚደረገውና የማይደረገው የሚለየው በመጨረሻው ቃል ነው፤ እሱም ላይ በአንድ «አት» ወይም «አይ»። አቧራ ሲጠጣ፣ ቀለሙ ሲለቅ ወይም አንባቢው ሲቸኩል እነዚያ ሁለት ፊደላት ቢዘለሉ «አትግባ» «ግባ» ይሆናል። ሁለት አፍራሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲደራረቡ ደግሞ ራሴም ሁለቴ ነው የማነበው።

ስለዚህ ወደ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ክፈሉት፦ «ቁልፉን ማንጠልጠያው ላይ ይዩ። ከዚያ ይግቡ።» ክልከላ የግድ ሲሆን ሥዕሉን ጨምሩ፦ ቀይ ክብ ከነሰያፍ መስመሩ። በዓለም አቀፍ የምልክት ደረጃ ቀይ ክብ ክልከላ፣ ሰማያዊ ክብ ግዴታ፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ ነው። ቀለሞቹን ለውበት ብላችሁ አትቀያይሯቸው።

«ቶሎ ቶሎ» የሚለውስ የት ይገባል?

የትም። ከጩኸቱ ሁሉ ወረቀት ላይ የማይወጣው እሱ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ወረቀቱን የሚያሸንፈውም እሱ ነው። አውራጅ በኩንታል ወይም በመኪና ሲከፈለው ታኮ የሚፈለግባት ደቂቃ ከኪሱ የምትወጣ ናት። አንድ መጋዘን ውስጥ ማስታወቂያው በተለጠፈ በሁለተኛው ሳምንት ታኮው ጠፋ፤ ማለትም ሲፈለግ የሚገኘው ግቢው ጥግ ነበር። ወረቀቱን ደግሜ ደጋግሜ ብጽፈው ምንም አይለወጥም ነበር። ታኮዎቹ በሰንሰለት ራምፑ ላይ ታሰሩ፤ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ የሚያገኛቸው ሆኑ። ክፍያውን የሚወስኑት ሰዎች ያልነኩት ችግር ግን አሁንም እዚያው አለ።

ክብደትን የሚመለከት ጩኸትስ? «ከባድ ከሆነ ሁለት ሁኑ!» ይላል ፎርማናችን።

ከባድ የሚለው ለማን ነው? ጎበዝ ወጣት ሁሉ ቀላል ነው ይላል፤ ወገቡ የሚናገረው ከዓመታት በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጁ የሚያጓጉዘው ከፍተኛ ክብደት 55 ኪሎ ግራም እንዲሆን ይላል። የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ፣ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ፣ እህል የሞላ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው እንዲገምት መተው አያስፈልግም፤ በዕቃው ስም ጻፉት፦ «ቡናና ኩንታል፦ ሁልጊዜ ሁለት ሰው።»

ፎርማኑ «ሥልጣኔን ወሰዳችሁብኝ» ቢልስ?

ይላል። ያለምክንያትም አይደለም፤ ሃያ ዓመት በአፉ የመራውን ሥራ አንድ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ሲቀማው ይሰማዋል። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ረቂቅ የማነበው ለእሱ ነው፣ ለሥራ አስኪያጁ ከማሳየቴ በፊት። ሲያዳምጥ ያርመኛል። የታኮውን አቅጣጫ የነገረኝ በዚህ ጊዜ ነው፤ ስቀዳ ግን አልተናገረውም ነበር። 6 ቁጥርም የእሱ ነው። ቁልፉን የሚሰቅለው እሱ ስለሆነ ማንም ያለ እሱ እጅ አይጀምርም። ይህን ሲያይ ጋሼ ዝም አለ፤ ዝምታውን እሺታ ብዬ ወሰድኩት።

ማንበብ የማይችሉ ወይም አማርኛ የማይቀላቸው ሠራተኞች አሉን።

ቁጥሮቹ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅሙት። ወረቀቱን ያላነበበ ሰው እንኳ «አራት» ሲባል ታኮ መሆኑን በሁለት ቀን ይለምዳል፤ ፎርማኑም «አራት የታለ?» ብሎ መጮህ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን በ1፣ 2፣ 3 ጻፉት፤ የግዕዙ ፩፣ ፪፣ ፫ ያምራል፣ ግን ራምፕ ላይ ቆሞ የሚያነበው ጥቂት ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ቀላል ሥዕል ይኑር። ሠራተኞቹ አፋን ኦሮሞ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩ ከሆነ በዚያው ቋንቋ ሌላ ወረቀት ይዘጋጅ፣ ቁጥሮቹ ግን ፈጽሞ አይለዋወጡ። የአንዱ ወረቀት 4 የሌላው 5 ከሆነ ሁለቱንም ባትሰቅሉ ይሻላል።

ማስታወቂያው በትክክል የሚሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን?

«ገባችሁ?» ብሎ በመጠየቅ አይታወቅም፤ ሁሉም አዎ ይላል። ሥራውን አይቶ የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ይያዝና በባዶ መኪና ላይ ከ1 እስከ 8 ይፈጽም። እናንተ አፋችሁን ዝጉ። የሚቆምበትንና ዞር ብሎ ዓይን ዓይናችሁን የሚያይበትን ቁጥር ብቻ መዝግቡ።

በእኛው ረቂቅ ላይ 4 ቁጥር «ታኮውን ከኋላ ጎማ ፊት ያስገቡ» ይል ነበር። ተፈታኙ ልጅ ታኮውን ይዞ ጎማው አጠገብ ደርሶ ቆመ። እሱ የቆመው ከራምፑ በኩል ነበርና ለእሱ «ፊት» ማለት ወደ እሱ የዞረው የጎማው ጎን ነው። እኔ ደግሞ የመኪናውን ፊት ማለቴ ነበር። እዚያው ቢያስገባው ኖሮ ታኮው ምንም አያግድም፣ ከሩቅ ግን የገባ ይመስላል። «በጋቢናው በኩል» የሚለው የመጣው ከዚህ ነው፤ ጋቢና የትም ቆማችሁ ብታዩት አንድ ቦታ ነው ያለው። ቀኝ፣ ግራ፣ ፊት፣ ኋላ፣ ወዲያ የሚሉ ቃላትን ባያችሁ ቁጥር ከማን አንጻር ብላችሁ ጠይቁ። (ስምንቱ ውስጥ የቀረው «በቀኝ፣ በግራ» ምንም አይጎዳም፤ ሁለቱም ጎን ታኮ ይገባልና።)

የት ይሰቀል? ፊደሉስ ምን ያህል?

የሚፈጸምበት ቦታ ላይ፣ ፈጻሚው ቆሞ የሚያየው ከፍታ ላይ። ቢሮው በር ላይ የተለጠፈ የራምፕ ማስታወቂያ የሚነበበው ደመወዝ ሊጠይቅ በመጣ ሰው ነው። የፊደላችን ቤቶች የሚለያዩት በትናንሽ ቅጥያ ስለሆነ ጥቃቅን አድርጎ ማተም ያስቸግራል፤ ከ5 ሜትር እንዲነበብ እኔ ቁመቱን ከ3 ሴንቲ ሜትር አላሳንስም። ታች ጥግ ላይ የተጻፈበትን ቀን አስፍሩ፤ አዲስ ሲሰቀል አሮጌው በዚያው ሰዓት ይውረድ።

«ይህን ያልፈጸመ እርምጃ ይወሰድበታል» ተብሎ ይጨመርበት?

አይጨመርበት። ቅጣት ሌላ ወረቀት አለው። እዚህ ከገባ ታኮ ሳያስገባ የቀረ ሰው ይደብቃል፤ እኛ ግን እንዲናገር ነው የምንፈልገው።

ከዚህ በኋላ ፎርማኑ መጮህ ይተው ማለት ነው?

አንድ ጩኸት ይቀራል፦ «ቁም!» ይህን ወረቀት ላይ ለማስተካከል አትሞክሩ። ከስምንቱ ቁጥሮች በታች ያለው የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው ቁም ብሎ ይጩህ። ሁሉም ይቁም።» እዚህ ላይ ብቻ ማንም ሰው፣ ፎርማንም ባይሆን፣ በትናንትናው ቀን የተቀጠረ አውራጅም ቢሆን፣ ሹፌሩን አንተ ብሎ መጮህ ይችላል። ይህን መስመር ጋሼ በቀይ እንዲጻፍ ጠየቀ፣ በቀይ ተጻፈ።